ጉዳዩ፦ የዱቄት ዕዳ መክፈያ ጊዜ እንዲራዘምልን ስለመጠየቅ

ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዳማ

ለዱቄት ፋብሪካው የሽያጭ ክፍል ኃላፊ

ጤና ይስጥልን።

በሰኔ ወር በዱቤ የወሰድነው የ120 ኩንታል ዱቄት ዋጋ ብር 840,000 ሐምሌ 10 ቀን ሊከፈል ይገባዋል። ቀኑ ሳይደርስ የምጽፈው፣ ሙሉውን በዕለቱ መክፈል እንደማልችል ከእኔ አስቀድመው እንዲሰሙ ስለፈለግሁ ነው።

ዳቦ የምናቀርብለት አንድ የመንግሥት ተቋም የግንቦትና የሰኔ ሂሳባችንን የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት አልከፈለንም። ክፍያው ወደ አዲሱ በጀት ተሻግሯል። ዳቦውን ስለመረከባቸው የሰጡን የሞዴል 19 ቅጂዎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል፤ የሚከፈለን ገንዘብ ለእርስዎ ካለብን ዕዳ ይበልጣል። ዳቦ ቤቱ ሥራ አላቆመም፤ የሱቅ ሽያጫችንም እንደወትሮው ነው።

ስለዚህ የመክፈያው ጊዜ እስከ ነሐሴ 15 እንዲራዘምልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሐምሌ 10 ቀን ብር 240,000፣ ሐምሌ 25 ቀን ብር 300,000፣ ነሐሴ 15 ቀን ቀሪውን ብር 300,000 በባንክ አስገባለሁ። ተቋሙ ቀድሞ ከከፈለን ሁሉንም ወዲያው እከፍላለሁ። እስከዚያው የምንወስደውን ዱቄት እጅ በእጅ እንገዛለን፤ ዕዳ በዕዳ ላይ መደረብ አልፈልግም።

ዱቄት ከገበያ በጠፋባቸው ሳምንታት ድርሻችንን ሳይቀንሱ እንደላኩልን አልረሳሁም። ይህን ደንበኝነት በዝምታ ማበላሸት አልሻም። ካመኑበት፣ ከሐምሌ 10 በፊት በጽሑፍ ቢያሳውቁኝ ወይም ቢሮዎ መጥቼ ብንነጋገር ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
የዳቦ ቤቱ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ