የሁለት ሳምንት የሒሳብ ጥናት ዕቅድ፦ ከቆየ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወረቀት

ለተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኟ ተማሪያችን

ቅዳሜ በሠራሽው ወረቀት ከ65 ጥያቄ 34 አግኝተሻል። ከሳትሻቸው 31 ውስጥ 13ቱ ከካልኩለስ፣ 7ቱ ከሰኩዌንስና ሲሪስ፣ 6ቱ ከማትሪክስ፣ 5ቱ ከተለያየ ምዕራፍ ናቸው። ዕቅዱ የወጣው ከነዚህ ስሕተቶች ነው፤ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሪ። በቀን 3 ሰዓት ይበቃል። ካልኩሌተር ፈተና ክፍል ስለማይገባ ከዛሬ ጀምሮ በእጅ አስዪ።

ቀን 1፦ የተሠራውን መልስ ሳታዪ 31ዱን እንደገና ሥሪ። አሁን የተሳካልሽ የጥድፊያ ስሕተት ነው፤ «ስ» በዪው። አሁንም ያልተሳካውን «ጽ» በዪው፤ ጽንሰ ሐሳቡ አልገባሽም ማለት ነው። በግምት ያገኘሻቸውም «ጽ» ናቸው።

ቀን 2–6፦ ካልኩለስ። መልሱን መስመር በመስመር አንብቢ፣ ክደኚው፣ በባዶ ወረቀት ጻፊው። እጅሽ የቆመበት መስመር ያልገባሽ ነው፤ ሕጉን ከጎኑ ጻፊ፣ ከዚያ ቁጥሮቹን ቀይረሽ ሥሪ። ማንበብ ብቻ የገባሽ ያስመስላል።

ጥያቄ 23፦ x ወደ 3 ሲጠጋ የ(x²−9)/(x²−5x+6) ሊሚት። 3ን ስትተኪ 0/0 ስላገኘሽ «የለም» ብለሻል። 0/0 ግን ገና አልተቃለለም ማለት ነው፦

(x−3)(x+3)/((x−3)(x−2)) = (x+3)/(x−2) → 6

ከ(x+1)/(x−3) ጋር አወዳድሪው፤ እዚያ 4/0 ስለሚመጣ ሊሚቱ በእርግጥ የለም።

ጥያቄ 41፦ የf(x)=x³−3x ከፍተኛ ዋጋ በ[0, 3] ላይ። f′(x)=3x²−3=0 ሲሆን x=1 (−1 ከክልሉ ውጪ ነው)። f(1)=−2 ላይ አቁመሻል። ጫፎቹም ይሰላሉ፦ f(0)=0፣ f(3)=18። መልሱ 18 ነው።

ቀን 7፦ አዲስ ነገር የለም። የካልኩለስ «ጽ»ዎችን ብቻ ድገሚ።

ቀን 8–9፦ ሲሪስ። 12−6+3−… ድምሩ ስንት ነው? r=−1/2 ስለሆነ 12/(1+1/2)=8። የመረጥሽው 24 የሚመጣው የr ምልክት ሲረሳ ነው፤ ከምርጫዎቹ መካከል የተቀመጠውም ለዚሁ ነው።

ቀን 10፦ ማትሪክስ። A 3×3 ሆኖ |A|=5 ከሆነ |2A|=2³×5=40። 10 የሚመጣው 2 በአንድ ረድፍ ብቻ ሲባዛ ነው፤ 2A ግን ሦስቱንም ረድፍ ያባዛል።

ቀን 11፦ የቀሩት 5። አንዱ ከ40 ደቂቃ በላይ ከያዘሽ ተዪው፤ በዚያ ጊዜ ሁለት «ስ» ይስተካከላል።

ቀን 12፦ የሌላ ዓመት ወረቀት በ180 ደቂቃ። በመጀመሪያው ዙር ለአንድ ጥያቄ 2 ደቂቃ ብቻ፤ 130 ደቂቃ ይወስዳል። 50ው ለዘለልሻቸው ነው። 17ን ዘለሽ የ18ን መልስ በ17 ረድፍ ላይ ማጥቆር ቀሪውን ሁሉ ያዛባል፤ በየ10 ጥያቄው ቁጥሩን አመሳክሪ።

ቀን 13፦ የትናንቱን ስሕተት ብቻ በቀን 2 ዘዴ ሥሪ።

ቀን 14፦ ከጎን የጻፍሻቸውን ሕጎች አንድ ጊዜ አንብቢ። የመፈተኛ ካርድ፣ ሁለት እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ አዘጋጂ፤ አዲስ ጥያቄ አትክፈቺ፣ በጊዜ ተኚ።