ስለ ኮሌራው ድርሰቴ፦ ከማርኩ ሌላ አስተያየት ቢሰጡኝ

ጤና ይስጥልኝ መምህር፣

የሰኞ ጠዋት ተማሪዎ ሄኖክ ነኝ፤ ሁልጊዜ መስኮቱ ጥግ የምቀመጠው። ስለ ለንደኑ የ1854 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ኮሌራ የጻፍኩትን ድርሰት ሐሙስ ዕለት መልሰውልኛል። የምጽፍልዎት ስለ እሱ ነው።

ወረቀቱ ላይ ያገኘሁት 64 ብቻ ነው። «ብቻ» ማለቴ ቁጥሩ አንሶብኝ አይደለም፤ ከቁጥሩ ሌላ ምንም ስላልተጻፈበት ነው። ስድስቱንም ገጽ አገላበጥኩ። የመጨረሻውን ገጽ ጀርባ ሳይቀር አየሁ። ሦስተኛው ገጽ ጠርዝ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። «ይቺ ምን ማለት ትሆን?» እያልኩ ሁለት ቀን ተመራመርኩባት። አሁን ሳስበው እስክሪብቶው ነካ አድርጎት ሳይሆን አይቀርም። ትርጉም ካላት ግን ይንገሩኝ።

ማርክ ይጨመርልኝ እያልኩ አይደለም። የስንት ክፍል ወረቀት እንደሚያርሙ አውቃለሁ፤ ለእያንዳንዳችን ገጽ ሙሉ ይጻፉ ቢባል ሌሊቱም አይበቃዎትም። እኔ ማወቅ የፈለግኩት 36ቱ የት እንደሄደ ነው። መመዘኛው ላይ ክርክር፣ ማስረጃ፣ አደረጃጀትና ቋንቋ የሚሉ አራት ነጥቦች ነበሩ። በየትኛው እንደተቀነሰብኝ ካላወቅኩ፣ ደህና የነበረውን ስነካካ የተበላሸውን እንዳለ ልተወው እችላለሁ። ጓደኞቼን ብጠይቅም «ስንት አገኘህ?» ከማለት አያልፉም።

ባዶ እጄን ከምመጣብዎት ብዬ ድርሰቱን የሌላ ሰው ጽሑፍ እንደሆነ አድርጌ እንደገና አነበብኩት። ያገኘሁትን ልጻፍልዎትና ልክ መሆን አለመሆኑን ይንገሩኝ።

የመጀመሪያው አሳፍሮኛል። አራተኛው ገጽ ላይ፣ የሰፈሩ ሰዎች ውሃ ስለሚቀዱበት ፓምፕ እንዲህ ብዬ ነበር፦ «የፓምፑ እጀታ ተነቀለ፤ ወረርሽኙም ቆመ።» ስጽፈው በጣም ወድጄው ነበር። አጭር ናት፣ ትመታለች። ችግሩ እውነት አለመሆኗ ነው። እጀታው የተነሳው ሴፕቴምበር 8 ቀን ነው። በዚያን ጊዜ የሚታመመው ሰው ቁጥር መውረድ ከጀመረ ቀናት አልፈዋል፤ ከሰፈሩ የሸሸውም ብዙ ነበር። ኮሌራ የሚተላለፈው በውሃ ነው ብሎ የተከራከረው ሐኪም ጆን ስኖው ራሱ እንኳ ወረርሽኙን ያቆመው የእጀታው መነሳት ነው ብሎ አልደመደመም። እርስዎ ደግሞ ከአንድ ነገር ቀጥሎ የመጣ ሁሉ በእሱ ምክንያት መጣ ማለት እንዳልሆነ በሁለተኛው ሳምንት ነግረውናል። ማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ፤ ድርሰቱ ላይ ግን ረሳሁት።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል ብዬ አስባለሁ። የፓምፑ ታሪክ ስለሚጥም ሦስት ገጽ ሙሉ በላብኝ። ስኖው የሟቾችን አድራሻ ይዞ ቤት ለቤት ሲዞር፣ የቢራ ፋብሪካው ሠራተኞች የፓምፑን ውሃ ባለመጠጣታቸው ሲተርፉ፣ የራሱ ጉድጓድ የነበረው የድሆች መኖሪያ ከ535 ነዋሪዎቹ 5 ብቻ ሲሞቱበት፤ ይህን ሁሉ ዘረዘርኩ። ጠንካራውን ማስረጃ ግን በሁለት መስመር አለፍኩት። የሁለቱ የውሃ ኩባንያዎች ንጽጽር ማለቴ ነው። አንዱ ከቴምዝ ወንዝ ውሃ የሚቀዳው የከተማው ፍሳሽ ከሚገባበት ነበር፤ ሌላው መቅጃውን ወደ ላይ፣ ንጹሕ ወደሆነው ቦታ ወስዷል። በመጀመሪያው ደንበኞች ዘንድ ከ10,000 ቤት 315 ሰው ሲሞት፣ በሁለተኛው 37 ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ቤቶቹ በብዙ ቦታ የተደባለቁ መሆናቸው ነው። በአንድ መንገድ ላይ፣ ያንኑ አየር የሚተነፍሱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የሚለያያቸው የቧንቧቸው ውሃ ነው። «ሽታው ነው የገደላቸው» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ይመጣል? እኔ ደግሞ ቁጥሩን ጣል አድርጌ ስለ መደባለቁ ምንም ሳልል አለፍኩ።

ይህን ሳየው ማስረጃ የመረጥኩት በጥንካሬው ሳይሆን ለተረት በመመቸቱ መሆኑ ገባኝ። 64 ያሰጠኝ ይሄ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ሌላ ነገር አለ ብዬም እጠረጥራለሁ። የሰጡን ጥያቄ «ማስረጃ ብቻውን የሰውን ሐሳብ ይለውጣል ወይ?» የሚል ነበር። እኔ ግን በስኖው ያልተስማሙትን ሁሉ ግትር ሞኞች አድርጌ ሣልኳቸው። ሞኞች አልነበሩም። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ዊልያም ፋር በ1849ኙ ወረርሽኝ ከወንዙ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚኖር ሰው ያነሰ እንደሚሞት በቁጥር አሳይቶ ነበር። መጥፎ አየር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ነገሩ ማስረጃ ባለውና በሌለው መካከል የተደረገ ክርክር አልነበረም። ይህን ቀድሜ አይቼው ቢሆን ድርሰቱ ራሱ ሌላ ይሆን ነበር። ስለ ቋንቋው ምንም ማለት አልችልም፤ የራሴን ስሕተት ዓይኔ ለምዶታል።

ይህን ሁሉ ያስቸኮለኝ የሚቀጥለው ድርሰት ነው። ልናስረክብ 12 ቀን ቀርቶናል። የመረጥኩት ሴመልዌይስን ነው፤ በ1847 ቪየና ውስጥ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ያደረገውን። ወጥመዱ ያው ነው፦ አንድ ብልህ ሰው፣ የማይሰሙ አዋቂዎች፣ የሚጥም ታሪክ። መጀመር ፈልጌ እጄ ተያዘ። ያንኑ ድርሰት የሰዎቹን ስም ቀይሬ እንዳልጽፈው ፈራሁ።

ጊዜዎን ብዙ አልሻማም። ረቡዕ በቢሮ ሰዓትዎ አሥር ደቂቃ ካለዎት እመጣለሁ፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ክፍል የለኝም። ካልተመቸዎት በዚሁ ኢሜይል ሁለት መስመር ይበቃኛል፦ ብዙ ማርክ የወሰደው የቱ ነው? ለቀጣዩ መጀመሪያ ማስተካከል ያለብኝስ የቱን ነው? ከጻፍኳቸው ውስጥ ካልሆነም «አይደለም፣ ሌላ ነው» ቢሉኝ አንድ ነገር አወቅኩ ማለት ነው።

ድርሰቱን አያይዣለሁ። እንዳይቸገሩ አንቀጾቹን ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ፤ የእጀታው ነገር ያለው 11ኛው ላይ ነው። እሱን ለመለማመድ ያህል እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፦ «እጀታው ሲነሳ ወረርሽኙ እየበረደ ነበር። ስለዚህ የስኖውን ክርክር የሚሸከመው እጀታው ሳይሆን የሟቾቹ አድራሻ ነው።» እንደ ድሮዋ አትመታም። ግን ወደ ልኩ የተጠጋች ይመስለኛል፤ ተሳስቼ ከሆነ ይህንንም ይንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሄኖክ

ነጥቧንም አይርሱብኝ፤ ገጽ 3፣ በስተቀኝ፣ ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብላ።