ዞሮ ዞሮ

ድምፅ አልባ አጭር ፊልም፣ 2 ደቂቃ

ቦታ፦ ሐዋሳ፣ ከገብርኤል አደባባይ ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወርደው መንገድ ዳር
ጊዜ፦ ነሐሴ መጨረሻ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል
የሚታዩት፦ በቆሎ ጠባሽ ሴት (ሃምሳን የደፈነች)፣ ባጃጅ ነጂ (ጎረምሳ)፣ ሊስትሮ ልጅ፣ ሦስት ተማሪዎች፣ ከተገኘ አንድ አባ ኮዳ ወፍ

ለሠራተኛው በሙሉ፦ ንግግር የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ በስክሪን ላይ የሚነበብ ጽሑፍም የለም። የዝናቡን ድምፅ እንኳ አንጨምርም። «ትንሽ ክራር ከስር ብናስገባስ?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ መልሱ አይሆንም ነው። መጨረሻ ላይ ሴትዮዋ ትጣራለች፣ ነጂው አይሰማትም። ተመልካቹ የነጂውን ጆሮ ይዞ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።

0:00 – 0:12

መሬት። ክብ ጥላ። ከጥላው መሃል የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል የፀሐይ ነጥብ አለች።

ነጥቧ የሴት እጅ ጀርባ ላይ አርፋለች። እጁ ከካርቶን በተቆረጠ ማራገቢያ ከሰል ያራግባል፤ እጁ ሲወዛወዝ ነጥቧ ትወጣለች፣ ትገባለች። ከሰሉ ይቀላል። ሌላው እጅ በቆሎውን በባዶ ጣት ያገላብጣል፤ ሲያቃጥለው ጣቱን ጆሮው ጫፍ ላይ ይጠርጋል። (እዚህ ቦታ እውነተኛ በቆሎ ጠባሽ ካላገኘን ፊልሙን አንጀምር። ተዋናይ ፊቷን ታስለቅሳለች፣ ጣቷን ግን ማስለመድ አትችልም።)

ካሜራው ቀስ ብሎ ይወጣል። ጃንጥላ፦ ጥቁር የነበረ፣ አሁን ቡናማ የመታው። አንዱ ሽቦው በሲባጎ ታስሯል። ነጥቧ የገባችባት ቀዳዳ ከላይ ትታያለች። ቆልማማው እጀታ ከተቀመጠችበት ሳጥን ርብራብ ስር ተሰክቷል። ጃንጥላውን ቀጥ አድርጎ የያዘው የራሷ ክብደት ነው።

0:12 – 0:26

ነፋስ ከሐይቁ። መጀመሪያ የተላጠ የበቆሎ ቅጠል መሬቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ቀጥሎ የሴትዮዋ ሻሽ ጫፍ ይነሳል፣ ከዚያ ከከሰሉ ፍንጣሪ ይበራል። ጃንጥላው ወደ ላይ ሊገለበጥ ይታገላል።

ተነስታ ትዘጋዋለች። ቁልፉን ሲጫኑት በራሱ የሚዘረጋው ዓይነት ነው፤ ቁልፉ ከተሰበረ ቆይቷል። ስትለቀው ወዲያው ይዘረጋል። እንደገና ትዘጋዋለች፣ እንደገና ይዘረጋል። በሦስተኛው ክንዷ ስር ቆልፋ ከወገቧ ቁራጭ የነጠላ ጥለት ትመዝዛለች፦ ቀይ፣ ደማቅ፣ በፊልሙ ውስጥ ሌላ ምንም ቀይ ልብስ የለም። ሁለት ዙር ትጠመጥመዋለች፣ አንድ ቀለበት ትቋጥራለች። (ቋጠሮው በቅርብ ይታይ፤ ሰዓታችን እሱ ነው።)

አጠገቧ ጀርባውን የሰጠ ባጃጅ ቆሟል፣ ነጂው የለም። ከኋላው ብረት አለው። ሦስት ተማሪዎች ሲመጡ ታያለች፤ ሁለቱም እጆቿ ያስፈልጓታል። ቆልማማውን እጀታ ብረቱ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች።

0:26 – 0:40

የእጅ ሥራ ብቻ፣ በፍጥነት። ቅጠል መላጥ። ፀጉሩን መንቀል። በቆሎ በቅጠሉ ጠቅልሎ ማቀበል። ብር ማጠፍ፣ ጡቷ ውስጥ መክተት፣ መልስ መስጠት። አንደኛው ተማሪ ያልበሰለውን ይጠቁማል፤ ሴትዮዋ በእጇ ቆይ ትለዋለች።

ከተማሪዎቹ ትከሻ በስተጀርባ፣ ደብዘዝ ብሎ፣ ነጂው የውሃ ጠርሙስ ይዞ ይመለሳል፣ ይገባል። ባጃጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይሄዳል። ቀይዋ ጥለት ከክፈፉ ትወጣለች። ካሜራው አይከተላትም፤ እኛ ያየነው እንደ ስርቆሽ ይሁን።

ተማሪዎቹ ይሄዳሉ። ፀሐይ ትመለሳለች፣ የሴትዮዋ ዓይን ይጨፈናል። ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ትሰዳለች።

ቅርብ፦ የእጅ ጣቶች አየር ይጨብጣሉ። ይከፈታሉ። ደግመው ይጨብጣሉ።

0:40 – 1:02

ትፈልጋለች። ሳጥኑን ታነሳለች። የበቆሎውን ማዳበሪያ ትገለብጣለች፤ በቆሎዎቹ ይንከባለላሉ። ሊስትሮው ልጅ ላይ ዓይኗ ያርፋል። ልጁ ዓይኗን ያነባል፣ ምንም ሳይጨቃጨቅ ዕቃውን መሬት ላይ ይዘረግፋል፦ ሁለት ብሩሽ፣ ጥቁር ቀለም፣ ቡናማ ቀለም፣ ጨርቅ፣ ግማሽ ዳቦ። ሣጥኑን ዘቅዝቆ ጀርባውን ይመታል። ባዶ። ሴትዮዋ ታፍራለች። ጎንበስ ብላ ብሩሾቹን ታነሳለታለች።

ሁለቱም እንዳጎነበሱ፣ ከኋላቸው ባጃጁ ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል። ጃንጥላው እንደተንጠለጠለ። የጥለቷ አንድ ዙር ተፈትቶ ስንዝር ያህል ይውለበለባል። ግንቡ ላይ የቆመ አባ ኮዳ አንገቱን እያዞረ ይከተለዋል። (አባ ኮዳው በሰዓቱ አይመጣም። አሞራ ገደል ዓሣ ከሚሸጡት ሰዎች ጋር ብንነጋገር በትርፍራፊ ያመጡልናል። ካልመጣ ይቅር፤ የአሻንጉሊት ወፍ አልቀበልም።)

ሴትዮዋ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ወጥታ በግራ በኩል ታያለች። ባጃጁ ከቀኝ መጥቶ ከጀርባዋ ያልፋል። ወደ ቀኝ ትዞራለች። አልፏል። የጥለቷ ጫፍ አስፋልቱን እየነካ ይጎተታል፤ ይህን ለብቻው በዝቅተኛ ካሜራ እንይዘዋለን፣ ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም።

ሰው ይስቃል ብዬ አስባለሁ። ይሳቅ። ተዋናይዋ ግን እንዳትስቅም እንዳታስቅም፤ ለእሷ ጃንጥላ መጥፋቱ ነው።

1:02 – 1:30

የከሰሉ ቅርብ እይታ። አንድ ጠብታ። ነጭ እንፋሎት። ሌላ ጠብታ።

ዝናብ። ሴትዮዋ እየሮጠች ትመለሳለች፣ ትሪውን ከሰሉ ላይ ትደፋለች፤ እሳት እንዳይታፈን አንድ ጎኑን በድንጋይ ታነሳለች። ነፋሱ ዝናቡን በጎን ያስገባል። ትሪው አልበቃም። ጀርባዋን ለዝናቡ ሰጥታ ምድጃው ላይ ትደፋለች። ልጁ ያችኑ የማራገቢያ ካርቶን ከራሷ በላይ ይይዛል፤ ካርቶኑ ይርሳል፣ ይታጠፋል፣ ይወድቃል።

ባጃጁ ይቆማል።

ነጂው ያያታል። ትንሽ ያመነታል፦ ተሳፋሪ የለውም፣ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። ከዚያ መሪውን አዙሮ ባጃጁን በጎኑ ያስጠጋል፣ በነፋሱና በምድጃው መካከል እንደ ግድግዳ። ወርዶ የበሩን ሸራ ይፈታል፤ አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን ልጁ ይዘው ምድጃው ላይ ይወጥሩታል።

አንድ ሰፊ ሾት፣ 12 ሰከንድ ሳይቆረጥ። በግራ በኩል ሦስት ሰዎች፣ ከሸራ ስር አጎንብሰው፣ እንፋሎት ፊታቸው ላይ። በቀኝ በኩል፣ ከባጃጁ ኋላ፣ ማንም በማያይበት ጎን፣ ጃንጥላው ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል። በመካከላቸው አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ካሜራው አይጠጋ፣ አይጠቁም። ተመልካቹ ራሱ ይፈልገው፤ ዓይኑ ከግራ ወደ ቀኝ እስኪሄድ 12 ሰከንድ ይበቃዋል።

(ስለ ዝናብ፦ ከፊት ብርሃን የተመታ ዝናብ በካሜራ አይታይም። ብርሃኑ ከኋላ ይሁን፣ ጀርባውም ጠቆር ያለ። ሰማዩ እንቢ ካለ የአትክልት ጎማ በቂ ነው፤ ለዚህ ስፋት ሁለት ጎማ።)

1:30 – 1:42

ዝናቡ አባርቷል። ሴትዮዋ ትሪውን ታነሳለች። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ አንድ ቀይ ፍም። በጉልበቷ ተንበርክካ በትንፋሿ ታቀጣጥለዋለች።

በሚቀጥለው ሾት በቆሎው በስሏል። ከሁሉ የሚበልጠውን መርጣ ለነጂው ትሰጣለች። ኪሱን ይዳብሳል። የኪሱን እጅ በክርኗ መልሳ ትገፋዋለች። ያወጣል፣ ትገፋለች። ልጁ የሁለቱን ግብግብ እያየ የራሱን በቆሎ መብላት ጀምሯል። ነጂው ተሸንፎ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል።

1:42 – 2:00

ባጃጁ ወደ ሐይቁ ይነሳል። ጎኑ ያልፋል። ጀርባው ይመጣል።

የሴትዮዋ ፊት። ዓይኗ ብቻ ይንቀሳቀስ፤ አፏ ዘግይቶ ይከፈታል።

ትጣራለች። አንሰማም። ሁለት እጇን ታወዛውዛለች። በባጃጁ መስታወት ውስጥ፦ ጎረምሳው ያያታል፣ ፈገግ ይላል፣ የተጋጠ በቆሎውን ከፍ አድርጎ ያወዛውዝላታል። ቻው ያለችው መስሎታል። ትዘላለች። እሱም በቆሎውን የበለጠ ያወዛውዛል።

ረጅም ሌንስ፣ ከሴትዮዋ ትከሻ ኋላ። ፀሐይ ከደመናው ስር በሐይቁ በኩል ወጥታለች፤ ምዕራብ በመሆኑ በዚህ ሰዓት ብርሃኑ ቀጥታ ወደ እኛ ነው፣ እርጥቡ አስፋልት ያበራል። ባጃጁ ያንሳል። የፍጥነት መቀነሻው ላይ ነጠር ይላል። ጥለቷ ሙሉ በሙሉ ተፈትታ ትወድቃለች።

ጃንጥላው ይዘረጋል። በአንድ ጊዜ፣ እንደ አደይ አበባ፣ የባጃጁን ጀርባ ሙሉ ሸፍኖ። ጥቁር ክብ ነው፤ ከመሃሉ አንዲት የብርሃን ነጥብ።

(ለዚህ ሁለት ጃንጥላ እንገዛለን፤ ሁለቱም እኩል ቦታ ላይ ይበሱ። ቋጠሮውን የሚፈታው ባጃጁ ውስጥ የተደበቀው ረዳታችን ነው፣ በቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር። ሐዋሳ ላይ እሱ አይጠፋም።)

ሴትዮዋ እጆቿን ሳታወርድ ትቆማለች። ልጁ ከክፈፉ በስተቀኝ ሮጦ ይገባል፣ መንገዱ መሃል ደርሶ ጎንበስ ብሎ ጥለቷን ያነሳል።

ርቆ፣ ከጥቁሩ ክብ ስር፣ ሁለት ቀይ የፍሬን መብራቶች ይበራሉ።

ጥቁር።