የጽሑፍ ቁጥር 47፦ የማሻሻያው ጊዜ እስከ ጥር 30 እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

በጣና ሐይቅ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ስለተስፋፋው እምቦጭ ያቀረብኩትን ጽሑፍ አሻሽዬ እንድመልስ የተሰጠኝ ቀን ኅዳር 30 ነው። እስከ ጥር 30 እንዲራዘምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ይቅርታ ከመለመን ብዬ ዛሬ፣ ኅዳር 12፣ ጻፍኩልዎ።

ሁለተኛው ገምጋሚ በበጋ የተለካው ክብደት ብቻውን አይበቃም፤ ክረምቱ እንደወጣ ያለውም ይቅረብ ብለዋል። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ጥቅምት 3 ከሁለት ረዳቶቼ ጋር ወደ ደምቢያና ጎንደር ዙሪያ ወረድን። ከ24ቱ የመለኪያ ቦታዎች 11ዱን እንደጨረስን በጸጥታ ችግር መንገዱ ተዘጋ። ስድስት ቀን ጠበቅን። በመጨረሻ የጀልባው ባለቤት «እኔም ልጆቼን ይዤ ልሄድ ነው፤ እናንተም አትቆዩ» ሲሉን ተመለስን። ጥቅምት 12 ለላኩልኝ ማስታወሻ መልስ ያጡትም ያለንበት ቦታ ኔትወርክ ስላልነበረው ነው።

ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። እርጥብ እምቦጭ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ ውሃ በመሆኑ ቶሎ ማድረቂያ ምድጃ ካልገባ ይበሰብሳል። የአራት ቦታዎች ናሙና ጆንያ ውስጥ እንዳለ ተበላሸብን፤ ሽታው እስካሁን ከመኪናው አልለቀቀም። እርጥብ ክብደቱን እዚያው መዝነነው ስለነበር እሱ ተርፏል። ደረቅ ክብደት ያለኝ ግን የሰባት ቦታዎች ብቻ ነው።

መንገዱ ነገ ቢከፈት እንኳ ተመልሼ የቀሩትን 13 ቦታዎች መለካት አያዋጣኝም። ውሃው ይሸሻል፣ ነፋስ አረሙን ከዳርቻ ዳርቻ ይገፋዋል፣ ገበሬውም ይነቅለዋል፤ የታኅሣሥን ልኬት የጥቅምት ነው ብዬ ማቅረብ አልችልም። በምትኩ የጥቅምትን የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስሎች፣ ደመና ያልሸፈናቸውን መርጬ፣ በእጃችን በለካናቸው 11 ቦታዎች እያመሳከርኩ አረሙ የሸፈነውን ስፋት አሰላለሁ። ምስሉ አረሙ የት እንዳለ ያሳየኛል እንጂ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን አይነግረኝም። ስለዚህ ለ13ቱ ቦታዎች ክብደት አልገምትም፤ ጉድለቱን በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ አሰፍራለሁ፤ ስለ ወቅታዊ ዕድገት የደረስኩበትንም መደምደሚያ አጠብባለሁ። የምስሉ ሥራ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ የተረፈው ጊዜ ሌላ ሰው ስሌቱን እንዲያይልኝ ነው።

የመጀመሪያው ገምጋሚ ያነሷቸው ዘጠኝ ነጥቦች ተጠናቅቀዋል። ከፈለጉ ዛሬውኑ እልካለሁ።

የመጋቢቱ እትም መጠበቅ የማይችል ከሆነ ጽሑፉ ወደሚቀጥለው ቢተላለፍ ቅር አይለኝም። እንደ አዲስ ጽሑፍ ከመጀመሪያው እንዳይታይ ግን አደራ እላለሁ፤ ሁለቱ ገምጋሚዎች የደከሙበትን ከንቱ ማድረግ ይሆናል። ሁለተኛው ገምጋሚ በዚህ ዕቅድ የማይስማሙ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ሳልጀምር ባውቀው እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰላማዊት
ባሕር ዳር