ሳይመልሱ ብይ ማውጣት፦ በፎቶ የላክሽው የዛፍ ዲያግራም ሲሟላ

ፎቶው ደርሶኛል። ጥያቄው በደንብ ይነበባል፦ ከረጢት ውስጥ 7 ቀይና 5 ነጭ ብይ አለ፤ ሳይታይ አንድ ብይ ይወጣል፤ እሱ ሳይመለስ ሁለተኛው ይወጣል። ታትመው የመጡት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያው ላይኛ ቅርንጫፍ 7/12 እና ከሱ ቀጥሎ ያለው ላይኛ ቅርንጫፍ 6/11። የቀረውን በእርሳስ የሞላሽው አንቺ ነሽ።

መጀመሪያ ፎቶው የደበቀውን እናውጣ። የታችኛው ግራ ቅርንጫፍ ክፍልፋይ ላይ ጥላ ስላረፈበት ታህቱ 12 ይሁን 17 አይለይም። ጥያቄው ግን ይነግረናል፤ 7 + 5 = 12 ስለሆነ 5/12 ነው። የታችኛው ቀኝ ጥግ ደግሞ ተቆርጧል፤ የመጨረሻው ቅርንጫፍ አይታይም። ከአንድ ነጥብ የሚወጡ ቅርንጫፎች ድምር ሁልጊዜ 1 ስለሆነ የጎደለውን አንድ ቅርንጫፍ ከሌላው መፈለግ ይቻላል፣ ግን ሌላው ትክክል ከሆነ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ችግሩ ያለው።

ከቀይ በኋላ ለነጭ 4/11 ጽፈሻል። 6/11 + 4/11 = 10/11 ይሆናል፤ 1 አልሞላም። አንድ ቀይ ብይ ስለወጣ ቀዩም ነጩም ቀንሷል ብለሽ ቆጥረሻል። የወጣው ቀይ ነው፤ ነጮቹ አልተነኩም፣ አሁንም 5 ናቸው። ስለዚህ 5/11።

ከነጭ በኋላ ያለው ስህተት የበለጠ ተንኮለኛ ነው። ለቀይ 6/11 ጽፈሻል፤ የላይኛውን ጥንድ ወደ ታች ገልብጠሽ ከሆነ የተቆረጠው ቅርንጫፍ 5/11 ይሆናል። ድምሩ 11/11 ስለሚሆን የድምር ፍተሻው አይይዘውም። ግን ነጭ ከወጣ በኋላ ከረጢቱ ውስጥ 7 ቀይና 4 ነጭ ነው ያለው፤ ትክክለኛዎቹ 7/11 እና 4/11 ናቸው።

ይህን ለማስቀረት አንድ ልማድ ያዢ፦ ክፍልፋይ ከመጻፍሽ በፊት በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ከረጢቱ ውስጥ የቀረውን በትንሹ ጻፊ። መጀመሪያው ላይ «7ቀ 5ነ»፣ ከቀይ በኋላ «6ቀ 5ነ»፣ ከነጭ በኋላ «7ቀ 4ነ»። ከዚያ ክፍልፋዩ ከማስታወሻው ላይ ይነበባል፤ ላዕሉ የዚያ ቀለም ብዛት፣ ታህቱ የሁሉም ድምር። በጭንቅላት ብቻ ሲሠራ የተሳሳተውን ቀለም መቀነስ በጣም ቀላል ነው።

የተሟላው ዛፍ ይህ ነው፦

```
7ቀ 5ነ
├─ ቀ 7/12   (6ቀ 5ነ)
│   ├─ ቀ 6/11   → 42/132
│   └─ ነ 5/11   → 35/132
└─ ነ 5/12   (7ቀ 4ነ)
    ├─ ቀ 7/11   → 35/132
    └─ ነ 4/11   → 20/132
```

በቀኝ ያሉት አራቱ ውጤቶች በመንገዱ ላይ ያሉትን ክፍልፋዮች በማባዛት የተገኙ ናቸው። ለምሳሌ ቀይ ከዚያ ቀይ፦ 7/12 × 6/11 = 42/132።

ለምን እናባዛለን? ሁለቱም ቀይ የመሆን ዕድል በሚጠይቀው (ለ) ላይ አንቺ 7/12 + 6/11 ብለሽ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረሽ 13/23 ስላገኘሽ ይህን ቆም ብለን እንየው። ይህን ሙከራ 132 ጊዜ ደጋገምሽው እንበል። የመጀመሪያው ብይ በአማካይ በ77ቱ ቀይ ይሆናል፤ 132 × 7/12 = 77 ነውና። ሁለተኛው ቅርንጫፍ የሚያወራው ስለ እነዚህ 77 ብቻ ነው። የ77 ስድስት አሥራ አንደኛ 42 ነው። የክፍል ክፍል እየወሰድን ስለሆነ ማባዛት ነው የሚሠራው። ውጤቱም ሁልጊዜ ከሁለቱ ክፍልፋዮች ያንሳል። 13/23 ግን ከ6/11 ይበልጣል፤ «ሁለቱም ቀይ» የሚለው «የመጀመሪያው ቀይ ከሆነ ሁለተኛውም ቀይ» ከሚለው የበለጠ ዕድል ሊኖረው አይችልም። መልስሽ በመንገዱ ላይ ካለ ከማንኛውም ክፍልፋይ ከበለጠ የሆነ ቦታ ደምረሻል ማለት ነው።

አሁን ሁለት ፍተሻ። አራቱን ደምሪ፦ 42 + 35 + 35 + 20 = 132። ደህና። ሁለተኛው ፍተሻ ነው የታችኛውን ጥንድ ስህተትሽን የሚይዘው፦ «ቀይ ከዚያ ነጭ» እና «ነጭ ከዚያ ቀይ» እኩል መሆን አለባቸው። ላዕሎቹ 7 × 5 እና 5 × 7 ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው የተለወጠው። በ6/11 ብትሠሪ ግን 35/132 እና 30/132 ይመጣል፤ ያኔ ወዲያው ትነቂያለሽ። ይህ የእኩልነት ፍተሻ በብዛት አይነገርም፤ እኔ ግን ከድምር ፍተሻው የበለጠ አምነዋለሁ።

ክፍልፋዮቹን እስከ መጨረሻው አታቃልዪ። 42/132ን ቀድመሽ 7/22፣ 20/132ን 5/33 ካደረግሽ ለመደመር እንደገና የጋራ ታህት መፈለግ ይኖርብሻል።

(ለ) ሁለቱም ቀይ፦ 42/132 = 7/22።

(ሐ) የተለያየ ቀለም፦ ይህን የሚያሟሉ ሁለት መንገዶች አሉ፤ በመንገዱ ላይ አባዝተናል፣ መንገዶቹን ደግሞ እንደምራለን። 35/132 + 35/132 = 70/132 = 35/66። አንቺ አንዱን መንገድ ብቻ ነው የወሰድሽው። ጥያቄው ቅደም ተከተል ካልጠቀሰ ሁለቱም ይቆጠራሉ። «ሁለት ብይ በአንዴ ወጡ» ቢልም ስሌቱ ያው ነው፤ በአንዴ ማውጣት ማለት ሳይመልሱ ማውጣት ነው።

(መ) ቢያንስ አንዱ ነጭ፦ ሦስት መንገድ ከመደመር ይልቅ የማይፈለገውን አንዱን ቀንሺ። 1 − 7/22 = 15/22። ለማረጋገጥ 35 + 35 + 20 = 90፤ 90/132 = 15/22።

(ሠ) ሦስተኛ ብይ ሳይመለስ ቢወጣ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ቀለም የመሆን ዕድል፦ ዛፉን በሙሉ መሳል አያስፈልግም፤ ሁለቱን የዳር መንገዶች ብቻ ቀጥዪ። ከቀይ-ቀይ በኋላ 5ቀ 5ነ ይቀራል፤ ቀጣዩ ቀይ 5/10። ከነጭ-ነጭ በኋላ 7ቀ 3ነ ይቀራል፤ ቀጣዩ ነጭ 3/10። 5/10ን ወደ 1/2 አትቀይሪው፤ ታህቶቹ 12፣ 11፣ 10 እያሉ መውረዳቸው በዓይን እንዲታይሽ ተይው።

ሦስቱም ቀይ፦ 7/12 × 6/11 × 5/10 = 210/1320
ሦስቱም ነጭ፦ 5/12 × 4/11 × 3/10 = 60/1320
ድምር፦ 270/1320 = 9/44