የአፈር እርከን አሠራር፦ የተማሪ ማስታወሻ ወረቀት

9ኛ ክፍል ጂኦግራፊ፣ ደሴ ዙሪያ። በክፍል ከታየው ስላይድ የተዘጋጀ። በቀኙ ዓምድ የራሳችሁን ማስታወሻ በእርሳስ ጻፉ።

| ነጥብ | ማስታወሻዬ |
|---|---|
| 1. ጥቅሙ። በወሎ ተዳፋት ማሳዎች የክረምት ጎርፍ ለም አፈሩን ጠራርጎ ይወስዳል። እርከን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ውሃውም ወደ መሬት ይሰርጋል። | ................
................ |
| 2. ቅየሳ። ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ዘንጎችን በ10 ሜትር ሲባጎ አገናኙ። የውሃ ልኩን 5 ሜትር ላይ ስቀሉ፤ መሃሉን ከሳተ ሲባጎው ስለሚረግብ ልኬቱ ይዛባል። | ሥዕል፦
................
................
................ |
| 3. በእርከኖች መካከል ያለ ርቀት = የከፍታ ልዩነት × 100 ÷ የተዳፋት መቶኛ። ለ15% ተዳፋትና ለ1.5 ሜትር ልዩነት፦ 1.5 × 100 ÷ 15 = 10 ሜትር። | ለ20% አስሉ፦
................
................ |
| 4. ቁፋሮ። ቦዩ 50 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል። አፈሩን ወደ ታችኛው ጎን ከምሩና ጠቅጥቁ። | ................ |
| 5. ለምን ይፈርሳል? መስመሩ አንድ ቦታ ዝቅ ካለ ውሃው ሁሉ እዚያ ተጠራቅሞ ይጥሳል፤ ከታች ያሉትንም ተከታትሎ ያፈርሳል። ስለዚህ ቦዩ ውስጥ በየመሃሉ አፈር ሳይቆፈር ይተዋል። ክምሩ ላይ ሣር ተክላችሁ ከብት እንዳይረግጠው ጠብቁ። | በሰፈሬ ያየሁት፦
................
................
................ |