ለ4ኛ «ለ» ወላጆች፦ ከ7ኛው ሳምንት የሒሳብ ወረቀት ጋር የምትነበብ

ሰላም ወላጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ልጃችሁ ዛሬ ዓርብ ይዞት የመጣው ወረቀት 8 ጥያቄ አለው። ሰኞ ጠዋት ይመለሳል። እስከ ዛሬ ወረቀቱን ብቻ ነበር የምልከው፣ በዚህ ሳምንት ግን ማስታወሻ ማያያዝ ግድ ሆነብኝ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ባለፈው ሳምንት ከሰበሰብኳቸው 46 ወረቀቶች 41ዱ ሙሉ በሙሉ ልክ ነበሩ። በጣም ደስ አለኝ። ማክሰኞ ዕለት ከዚያው ወረቀት 3 ጥያቄ መርጬ፣ ቁጥሩን ብቻ ቀይሬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ሦስቱንም የሠሩት 14 ልጆች ናቸው። የቀሩት እርሳሳቸውን እያኘኩ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። ያኔ ነው ወረቀቱን ማን እንደሠራው የገባኝ፤ እናንተ ናችሁ፣ ታላቅ እህት ናት፣ ወይ አጎት ነው። እንዲያውም በ4 ወረቀቶች ላይ «x» አግኝቻለሁ። እኔ ለ4ኛ ክፍል x አላስተማርኩም! አንዱ ደግሞ ጀልባዋ 4.1666667 ጊዜ ትመላለሳለች ብሎ ጽፎልኛል፤ ይህ የማን እጅ እንደሆነ ስልካችሁ ያውቃል።

ልወቅሳችሁ ብዬ አይደለም፣ እኔም እናት ነኝ። የራሴ ልጅ 3ኛ ክፍል ሆና፣ እኔ ወጥ እያማሰልኩ፣ «እማ 7 ጊዜ 8 ስንት ነው?» ስትለኝ «56 በይ» ብዬ እገላገላት ነበር። ጻፈች፣ ልክ አገኘች። በማግስቱ 8 ጊዜ 7 ስላት ዐይኗን አፈጠጠችብኝ። ልጅ ሲጨነቅ ማየት ይከብዳል፣ ቶሎ ነግሮ ማሳረፍ ያምራል፣ ድካምም አለ። ይገባኛል። ግን እኔ ከዚህ ወረቀት የምፈልገው ልክ የሆነ መልስ አይደለም። ልጁ የት ጋ እንደሚሳሳት ማየት ነው የምፈልገው። የተሳሳተ መልስ ሲመጣልኝ ሰኞ ምን እንደማስተምር አውቃለሁ፤ እናንተ አርማችሁ ስትልኩልኝ ግን ምንም አላውቅም።

እስቲ ያችን የጀልባ ጥያቄ እንያት። ያለፈው ሳምንት ስለሆነች መልሷን ብናገር ችግር የለውም። «50 ሰዎች ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ መሻገር ይፈልጋሉ። አንዲት ጀልባ በአንድ ጊዜ 12 ሰው ትይዛለች። ሁሉንም ለማድረስ ስንት ጊዜ ትመላለሳለች?» ልጆቹ ያካፍላሉ፣ 4 ይደርሳል፣ ቀሪ 2። አብዛኞቹ እዚህ ይቆማሉ። ማካፈሉ ልክ ነው፣ መልሱ ግን አይደለም። እዚህ ጋ የእናንተ አፍ «5 በል!» ሊል ይጣደፋል። ያዙት። እሱን ትታችሁ «ሁለቱ ሰዎችስ?» ብላችሁ ጠይቁ። በቃ። እሱንም ጠይቃችሁ ዝም በሉ። ልጁ ሁለቱን ሰዎች ወደቡ ላይ ቆመው ያያቸዋል፣ ጀልባዋ ትታቸው እንደሄደች ይገባዋል፣ ራሱም «ኧረ ተመልሳ ትውሰዳቸው!» ይላል። በዚህ ሳምንት ጥያቄ 3 የዚህችው እህት ናት፣ ቁጥሯ ብቻ ነው የተለየው።

ዝም በሉ ያልኩትን ቀላል ነገር አታድርጉት። ከጠየቃችሁ በኋላ በሆዳችሁ እስከ 20 ቁጠሩ። እኛ አዋቂዎች 3 ሰከንድ እንኳ አንታገስም። ልጁ ዝም ሲል አልገባውም ብለን ሌላ ጥያቄ እንደርብበታለን፣ እሱ ግን ገና የመጀመሪያውን እያሰበ ነው።

በየጥያቄው ምን ማለት እንዳለባችሁ ጥቂት ልጻፍ። ይህን ማስታወሻ ልጆቹም ስለሚያነቡት (ያነቡታል፣ አውቃቸዋለሁ) ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ወረቀቱ ላይ የሉም። ስለዚህ አንተ ጎበዝ፣ እዚህ መልስ ፍለጋ አትድከም።

ጥያቄ 1 እና 2 ማባዛት ናቸው። ለምሳሌ 23 × 14 ቢሆን፣ ብዙ ልጆች 23ን በ4 ያባዙና 92 ያገኛሉ፣ ቀጥለው የ14ቷን 1 እንደ አንድ ቆጥረው 23 ይጽፉና ይደምራሉ፤ 115። ያች 1 ግን 10 ናት። ስህተቱን በጣታችሁ አታሳዩት። «በግምት ስንት የሚመጣ ይመስልሃል?» በሉት። 20 ጊዜ 10 ብቻ 200 ከሆነ 115 ከየት መጣ? ይህን ካየ ስህተቱን ራሱ ያድነዋል። ግምት ስላችሁ ደግሞ ከመሥራቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ጥያቄ 5 ክፍልፋይ ነው፣ የዘንድሮ ራስ ምታታችን። 1/2 + 1/4 ስትሉት ላይን ከላይ፣ ታችን ከታች ደምሮ 2/6 የሚላችሁ ልጅ ብቻውን አይደለም፣ የክፍሉ ግማሽ እንደዚያ ነው የሚሠራው። «ታህቱን አንድ አድርገው» የሚለውን ሕግ አታስታውሱት፣ ሕጉን እኔ ነግሬዋለሁ፣ ችግሩ ሕጉ አይደለም። ዳቦ ካለ ዳቦ፣ ከሌለ ወረቀት አጥፉ። ግማሹን አስይዙት፣ ሩቡን ጨምሩለት። «አሁን የያዝከው ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ይበልጣል ይላችኋል። «2/6ስ ከግማሽ ይበልጣል?» እዚህ ላይ ግንባሩን ይቋጥራል። ያ መቋጠር ወርቅ ነው፣ አትንኩት። በዚያ ምሽት መፍትሔውን ባያገኘው እንኳ ጥያቄው ሆዱ ውስጥ ገብቶለት ሰኞ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ሥራ ነው።

ጥያቄ 6 የሰዓት ነው። ጀልባ ከጠዋቱ 2:30 ተነሥታ 3:25 ደረሰች እንበል። ልጆቻችን 325 ሲቀነስ 230 ብለው 95 ደቂቃ ይላሉ። ሰዓት እንደ ብር በ100 የሚዘረዘር ይመስላቸዋል፣ አይፈረድባቸውም። «ከ2:30 እስከ 3 ሰዓት ስንት ደቂቃ አለ?» ብላችሁ ጀምሩለት፣ ቀሪውን ይጨርሰዋል። የግድግዳ ሰዓት ካላችሁ አውርዳችሁ እጁ ላይ ስጡት፣ ዘንጉን ራሱ ያዙረው። በስልክ ሰዓት አይሆንም፣ ዘንግ የለውም።

ጥያቄ 7 ዙሪያና ስፋት ነው። የሚያምታታቸው ቃሉ ነው። ዙሪያ ማለት በእግር የምትዞረው፣ ስፋት ማለት ሰሌን የምታነጥፍበት። ይህን ማለት ትችላላችሁ፣ መልስ መናገር አይደለም።

4 እና 8 ቃላት የበዛባቸው ናቸው። እነዚህ ላይ ልጆቹ የሚወድቁት ብዙ ጊዜ በሒሳቡ ሳይሆን በአማርኛው ነው። «ስንት ቀረ» እና «በስንት ይበልጣል» ሁለቱም በመቀነስ እንደሚሠሩ አይታያቸውም፣ «ይበልጣል» ሲሉ መደመር ነው የሚመጣባቸው። ጥያቄውን ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጡና «አሁን በራስህ አፍ ንገረኝ፣ ምን ሆነ? ምን ተጠየቅክ?» በሉት። መናገር ካልቻለ ገና አልገባውም ማለት ነው፣ እንደገና ያንብብ። መደመር ነው ወይስ መቀነስ የሚለውን እናንተ አትምረጡለት። ሦስት አራቴ ቀና ብሎ ፊታችሁን ያነብባል፣ ልጅ ከፊት ላይ መልስ በማንበብ ማንም አይስተካከለውም። ፊታችሁንም ጠብቁ።

አንዲት እናት በቀደም በር ላይ አግኝታኝ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ በምን ላግዘው?» አለችኝ። ጉሊት ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። ሁለት ኪሎ ተኩል ቲማቲም ሂሳቡን ዐይኗን ሳታሽ ትነግራችኋለች፣ የመቶ ብር መልስም ሳትሳሳት። እኔ እንደሷ አልፈጥንም። ለሷ ያልኳትን ለሁላችሁም ልበል፦ ልጁ ያስተምራችሁ። «ይህን እንዴት ሠራኸው? አሳየኝ» ማለት ትምህርት ቤት መግባት አይጠይቅም። ሲያስረዳችሁ መሃል ላይ ከተደናቀፈ ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል። እኛ ድሮ የተማርነውን አካሄድ የምታውቁ ደግሞ እባካችሁ በዚህ ሳምንት እሱን አታሳዩት። የኛ አካሄድ ስህተት የለበትም፣ ግን ሁለት መንገድ በአንድ ምሽት ሲመጣበት ልጁ ሁለቱንም ይጥለዋል።

ሌላው ሰዓቱ ነው። 25 ደቂቃ ይበቃል፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት። ቅዳሜ ወይም እሑድ በጠዋት ቢሆን ደስ ይለኛል፤ እሑድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ልጁ እያንቀላፋ፣ እናንተ እየጮኻችሁ የሚሠራ ሒሳብ ለማንም አይጠቅምም። ከደከመው ይተወው። ያልቻለውን ቁጥር በእርሳስ ያክብበው፣ ባዶ ይምጣ። ባዶ ቦታ አይቼ አልቆጣም፣ ነጥብም አልቀንስም፣ ይህን ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ። ላጲስም አትስጡት፣ የተሳሳተውን በአንድ መስመር ይሰርዘውና ከጎኑ ይሥራ። የተሰረዘውን ማየት እፈልጋለሁ። ባቄላ፣ ቆርኪ፣ ጠጠር፣ ጣት መጠቀም ይፈቀዳል። የስልክ ካልኩሌተር አይፈቀድም።

«ይህ እንዴት ይጠፋሃል?» አትበሉ። «እኔም በሒሳብ ደካማ ነበርኩ»ም አትበሉ፣ ልጁ በዘር የመጣብኝ ነው ብሎ ቁጭ ይላል።

የቴሌግራም ግሩፓችንንም ላንሳ። ባለፈው እሑድ ማታ 3 ሰዓት ላይ የ8ቱም ጥያቄ መልስ በፎቶ ተለጥፎ አይቻለሁ፣ ከሥሩ 19 «እናመሰግናለን» ተደርድሯል። ማን እንደለጠፈው አልናገርም፣ የእጅ ጽሑፉ ያምራል። እባካችሁ መልስ አትለጥፉ። ጥያቄው ግልጽ ካልሆነላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እመልሳለሁ።

ወረቀቱ ግርጌ ላይ ሦስት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፦ «ብቻውን የሠራው»፣ «እየጠየቅነው የሠራው»፣ «ያልቻለው»። የጥያቄዎቹን ቁጥር ጻፉባቸውና ፈርሙ። እውነቱን ጻፉ። ሁሉም ቁጥር መጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ከገባ ማክሰኞ ሰሌዳ ላይ እንገናኛለን።

ጀርባው ላይ ያለችው የደንገል ታንኳ ለመቀባት ናት። ሒሳብ የለባትም፣ ሁለት አባት ባለፈው ጊዜ ፈልገውባታል።

የ4ኛ «ለ» የሒሳብ መምህርታችሁ
ባሕር ዳር